ሙግት ውስጥ ያልተነገረውን ግምት ማውጣት፦ በአንድ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ ላይ ደረጃ በደረጃ

ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ሲያስረዱኝ ልክ ይመስላል፤ ግን የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል። የቱ ጋ እንደሆነ መናገር አልቻልኩም።» ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚማሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይህንኑ ይጠይቁኛል። ልጃቸውን የት እንደሚያስገቡ የጨነቃቸው ወላጆችም ይጠይቁኛል።

ብዙ ጊዜ የሚጎረብጠው ሳይነገር የታለፈው ነገር ነው። ተናጋሪው አንድ ምክንያት ይሰጠናል፣ አንድ መደምደሚያም ይሰጠናል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሳይታወቀን እኛው እንሞላለታለን። የምንሞላበትን ሐሳብ እዚህ ድብቅ ግምት እለዋለሁ። ከታች ያሉት ደረጃዎች እሱን አውጥቶ ወረቀት ላይ ለማስፈር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ። አንዱ ቀለም ለተነገረው፣ ሌላው እናንተ ለምትጨምሩት። ካልለያችሁት መጨረሻ ላይ የማን ሐሳብ የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል።
- ሙግቱ በጽሑፍ። በቃል የሰማችሁት ከሆነ መጀመሪያ ጻፉት።
- ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ።
- ቢገኝ፣ በጉዳዩ ከእናንተ ጋር የማይስማማ አንድ ሰው። የምንስማማበት ሙግት ውስጥ ያለውን ክፍተት ማየት ከባድ ነው፤ የማይስማማው ግን ወዲያው ያየዋል።

የምንሠራበት ምሳሌ

ማስታወቂያው የየትኛውም ትምህርት ቤት አይደለም፤ ለዚህ መመሪያ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። አነጋገሩን ግን ታውቁታላችሁ፦

«ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል ያስፈተንናቸው 42 ተማሪዎቻችን በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ አይፈልጉም? ዛሬውኑ ለ9ኛ ክፍል ያስመዝግቡ!»

1. ሙግቱን በራሱ ቃል ጻፉት

ቃል በቃል ገልብጡት። «ጥሩ ትምህርት ቤት ነን ነው የሚሉት» ብላችሁ አታሳጥሩት። ስናሳጥር ክፍተቱን በራሳችን ሐሳብ እንደፍነዋለን። የምንፈልገው ደግሞ ያንኑ ክፍተት ነው። እዚህ «ያስፈተንናቸው» የሚለው ቃል በኋላ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ብታሳጥሩት ኖሮ አታገኙትም ነበር።

2. መደምደሚያውን አውጡና ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት

«ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ስለሆነም» ካሉ ሥራው ቀላል ነው፤ ከነሱ በኋላ የሚመጣው መደምደሚያ ነው። ችግሩ፣ ሰው ሲነጋገር እነዚህን ቃላት ብዙም አይጠቀምም። መደምደሚያው በትእዛዝ ይመጣል («ያስመዝግቡ!»)፣ በጥያቄ ይመጣል («አይፈልጉም?»)፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይነገርም። «ዶክተሩ እኮ ነው የተናገረው!» የሚል ሰው ምክንያቱን ብቻ ሰጥቶ «ስለዚህ እውነት ነው» የሚለውን ለእናንተ ትቶታል።

ትእዛዝና ጥያቄ እውነት ወይም ውሸት ሊባሉ ስለማይችሉ አይመረመሩም። ስለዚህ ቀይሯቸው። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

ምክንያት፦ ባለፈው ዓመት ይህ ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ያስፈተናቸው 42 ተማሪዎች በሙሉ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል።
መደምደሚያ፦ ልጅዎ እዚህ 9ኛ ክፍል ቢመዘገብ ዩኒቨርሲቲ ይገባል።

3. በአንድ ወገን ብቻ ያሉትን ቃላት አስምሩባቸው

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። መደምደሚያው ውስጥ ያለ ዋና ሐሳብ ሁሉ ከምክንያቶቹ በአንዱ መምጣት አለበት። ከምክንያት ያልመጣ ነገር መደምደሚያው ላይ ካያችሁ፣ ሳይነገር የገባ ድልድይ አለ ማለት ነው።

መደምደሚያችንን እንየው። «ልጅዎ» ይላል፤ ምክንያቱ ግን ስለ 42 ሌሎች ልጆች ነው። «ይገባል» ይላል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ምክንያቱ ስለ ባለፈው ዓመት ነው። «እዚህ ቢመዘገብ» ሲል ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ሥራ እንደሆነ ይናገራል፤ ምክንያቱ ግን ተማሪዎቹ እዚያ እንደነበሩና እንደገቡ ብቻ ነው የሚነግረን። «9ኛ ክፍል» መደምደሚያው ላይ አለ፤ ምክንያቱ ላይ ያለው 12ኛ ክፍል ነው።

አራት ድልድዮች ወጡ። በሁለተኛው ቀለም ጻፏቸው፦

ሀ. ልጄ ከ42ቱ ተማሪዎች ጋር የሚመሳሰል ነው።
ለ. ከአራት ዓመት በኋላ ያለው ሁኔታ ካለፈው ዓመት ጋር ይመሳሰላል።
ሐ. ተማሪዎቹን ዩኒቨርሲቲ ያስገባቸው የትምህርት ቤቱ ትምህርት ነው።
መ. እዚህ 9ኛ ክፍል የሚጀምር ልጅ 12ኛ ክፍልን እዚሁ ይፈተናል።

«መ»ን ልብ በሉ። ማስታወቂያውን ብቻ አንብቦ ማንም አያስበውም። ቃላቱን ጎን ለጎን ስናደርጋቸው ግን ራሱ ብቅ አለ።

አንዳንዴ ድልድዩ ተረት ለብሶ ይመጣል። ሽምግልና ላይ አንድ ሰው «ሲጠየቅ ተንተባተበ፤ ከአነጋገር ይፈረዳል» አለ እንበል። ምክንያቱ መንተባተቡ ነው፣ መደምደሚያው ጥፋተኛነቱ ነው። ድልድዩ «በሽማግሌ ፊት የሚንተባተብ ሰው ጥፋተኛ ነው» የሚል ነው። ተረቱ በዜማውና በዕድሜው ስለሚከበር ማንም ድልድዩን አይፈትሸውም። በተራ ዓረፍተ ነገር ስትጽፉት ግን የፈራ፣ የተናደደ፣ ወይም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰውም እንደሚንተባተብ ወዲያው ትዝ ይላችኋል። ምሳሌያዊ አነጋገር በመጣ ቁጥር ይህን አድርጉ።

4. ምክንያቱ እውነት፣ መደምደሚያው ግን ውሸት የሚሆንበትን ሁኔታ ፈልጉ

ሦስተኛው ደረጃ ቃላት ላይ ያለውን ክፍተት ያሳያል። ዓለሙ ላይ ያለውን ክፍተት ለማየት ግን ማሰብ ይጠይቃል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ማስታወቂያው አንድም ውሸት ሳይኖርበት፣ የእኔ ልጅ ግን ሳይገባ የሚቀረው ምን ሲሆን ነው? ትምህርት ቤቱ እውነቱን ነው የተናገረው ብላችሁ ጀምሩ። «ይዋሻሉ» ካላችሁ ፍለጋው እዚያው ያበቃል።

አንደኛው ሁኔታ፦ ትምህርት ቤቱ በመግቢያ ፈተና ጎበዞችን ብቻ ይቀበላል። እነዚህ ልጆች የትም ቢማሩ ይገቡ ነበር። ይህ «ሐ»ን ይመታል።

ሁለተኛው፦ 42ቱ በየማታው ሌላ ቦታ ከፍለው ቲቶሪያል ይማሩ ነበር። ይህም «ሐ»ን ይመታል።

ሦስተኛው፦ «ገብተዋል» የሚለው ቃል እኛ ያሰብነውን አይልም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከአገሪቱ ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በታች ካመጡት የተወሰኑት ደግሞ በሬሜዲያል፣ ማለትም በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ዩኒቨርሲቲ ተመድበዋል። የሬሜዲያል ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ በመደበኛ ትምህርት ለመቀጠል ግን ገና ፕሮግራሙን ማለፍ አለበት። ወላጁ «ገብተዋል» ሲባል መደበኛውን ያስባል። ስለዚህ አዲስ ግምት እንጨምራለን፦ ሠ. «ገብተዋል» ማለት በመደበኛ ፕሮግራም ገብተዋል ማለት ነው።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ የደከሙት ተማሪዎች 12ኛ ክፍል ሳይደርሱ ለቀዋል። «ያስፈተንናቸው» ብሎ ነበር ማስታወቂያው። ያልተፈተኑት በ42 ውስጥ የሉም።

አራተኛውን ሁኔታ በደንብ ለማየት አንድ እውነተኛ ታሪክ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ጥናት ቡድን ነበር። የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ዋልድ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚያ ሆኖ የጦር አውሮፕላኖች የትኛው ክፍላቸው ሲመታ እንደሚወድቁ የሚሰላበትን ዘዴ ጻፈ። በእጅ ያለው መረጃ ከተመለሱ አውሮፕላኖች ብቻ የተገኘ ነበር። ብዙ ምት የታየበትን ቦታ አይቶ «አደጋው እዚህ ነው» ማለት ይቀላል። ይህ አባባል ግን የተመለሱት አውሮፕላኖች የሁሉንም መልክ ያሳያሉ ብሎ ይገምታል። ዋልድ ያልተመለሱትንም ስሌቱ ውስጥ አስገባ። የተመለሱት ላይ ምት እምብዛም የማይታይበት ቦታ አደገኛው ሊሆን ይችላል፤ እዚያ የተመቱት አልተመለሱምና።

የዋልድ ስሌትም የራሱ ግምት ነበረው። ለምሳሌ ምቱ አውሮፕላኑ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል መገመት ነበረበት። ልዩነቱ፣ ግምቱን ጽፎ ማስቀመጡ ነው። የተጻፈ ግምት ሌላ ሰው ሊፈትሸው ይችላል።

ስለዚህ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር «እዚህ ቁጥር ውስጥ ሊቆጠር ሲገባው የሌለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኛ ምሳሌ ይህ ጥያቄ «መ»ን ይበልጥ ግልጽ አድርገን እንድንጽፈው ያደርገናል፦ ሙግቱ «ደካማ ተማሪዎች ከ12ኛ ክፍል በፊት አልወጡም» ብሎ ይገምታል።

5. እያንዳንዱን ግምት «ባይሆንስ?» ብላችሁ ፈትኑት

እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ሙግቱ የግድ የሚያስፈልገው ላይሆን ይችላል። ለመለየት ግምቱን አፍርሱትና ሙግቱን እንደገና አንብቡት። ሙግቱ ከወደቀ ግምቱ የግድ ያስፈልገው ነበር። ከቆመ ሰርዙት።

«ደካማ ተማሪዎች ከ12ኛ ክፍል በፊት አልወጡም» የሚለውን እናፍርሰው፦ ደካማ ተማሪዎች ወጥተዋል። አሁን ማስታወቂያውን አንብቡት። «42ቱም ገቡ» ስለ 9ኛ ክፍል ጀማሪ ልጅ ብዙም የሚነግረን ነገር የለም። ሙግቱ ወድቋል፤ ግምቱ ይቆይ።

አንድ ወላጅ «ትምህርት ቤቱ ከከተማው አንደኛ ነው ብለው እየገመቱ ነው» ሊል ይችላል። እናፍርሰው፦ አንደኛ አይደለም፣ ሦስተኛ ነው። ሙግቱ ምንም አልሆነም፤ ሦስተኛ የሆነ ትምህርት ቤትም ልጅን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ ይችላል። ይሰረዝ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስታፈርሱ ልኩን ጠብቁ። የ«ሁሉም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ ነበሩ» ተቃራኒ «ማንም አልነበረም» አይደለም፤ «ቢያንስ አንዱ አልነበረም» ነው። እስከ ጥግ ድረስ ከገለበጣችሁት የትኛውም ሙግት የሚወድቅ ይመስላችኋል፤ ፈተናውም ፈተና መሆኑ ይቀራል።

6. ግምቱን ተናጋሪው «አዎ፣ ይህን ነው የምለው» በሚልበት መልክ ጻፉት

ሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ማጋነን ነው፦ «እዚህ የገባ ልጅ ሁሉ ያለምንም ጥርጥር ዩኒቨርሲቲ ይገባል ብለው ይገምታሉ።» ይህን ማንም ዳይሬክተር አይቀበለውም፣ ባይቀበለውም ትክክል ነው። ያጋነናችሁትን ብታፈርሱ የሱን ሙግት አልነካችሁትም። ልኩ «እዚህ የገባ ልጅ ሌላ ቦታ ከሚያገኘው የተሻለ ዕድል ያገኛል» ይሆናል።

ሁለተኛው መደጋገም ነው፦ «42ቱ ከገቡ የእኔም ልጅ ይገባል ብለው ይገምታሉ።» ይህ ራሱ ሙግቱ ነው፤ ምንም አላወጣችሁም። ግምታችሁ «ምክንያቱ እውነት ከሆነ መደምደሚያው እውነት ነው» ከማለት ያለፈ ካልሆነ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

7. ግምቱን መልስ ወዳለው ጥያቄ ቀይሩት

ግምት ወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ ለውሳኔ አይረዳም። መልሱ መዝገብ ላይ የሚገኝ ጥያቄ አድርጉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ቢወድቅ ሙግቱን ይዞ የሚወድቀውና ለመጣራት የሚቀለው ነው። «ከአራት ዓመት በኋላ ሁኔታው ይመሳሰላል?» የሚለውን ማንም አይመልስላችሁም፤ ወደ መጨረሻ ይሂድ። እኔ እነዚህን ሦስቱን አስቀድማለሁ፦

- 42ቱ 9ኛ ክፍል በነበሩበት ዓመት 9ኛ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ነበር?
- ከ42ቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ የተማሩት ስንት ናቸው?
- በመደበኛ የገቡት ስንት፣ በሬሜዲያል የገቡት ስንት ናቸው?

መልሱ እንዲህ መጣ እንበል፦ 9ኛ ክፍል 80 ነበሩ። ከ42ቱ 30ዎቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነበሩ፤ 12ቱ በኋላ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። በመደበኛ የገቡት 25 ናቸው።

ስለዚህ ከጀመሩት 80 ልጆች እዚያው ቆይተው የተፈተኑት 30 ናቸው። ልጁን 9ኛ ክፍል የሚያስመዘግብ ወላጅ ሊያስብበት የሚገባው ቁጥር ይህ ነው። ግን እዚህም ላይ ተጠንቀቁ። «50ዎቹ ወድቀዋል» ካላችሁ እናንተም ድብቅ ግምት አስገብታችኋል። ቤተሰብ ሰፈር ቀይሮ የሄደ ይኖራል፤ ክፍያ ጨምሮበት የወጣ ይኖራል፤ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ በጥሩ ነጥብ ያለፈም ይኖራል። የሚቀጥለው ጥያቄ «50ዎቹ ለምን ወጡ?» ነው።

8. መደምደሚያውን ሊሸከመው በሚችለው ልክ እንደገና ጻፉ

ሙግት አንድ ግምቱ ስለወደቀ ብቻ አይጣልም። ብዙውን ጊዜ አነስ ያለ እውነት ይተርፈዋል። እዚህ የሚተርፈው ይህ ነው፦ «ይህ ትምህርት ቤት እስከ 12ኛ ክፍል የዘለቁትን ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ያደርሳል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን በመደበኛ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚዘልቁት ግን ከግማሽ በታች ናቸው።» ብዙ ተፈታኝ 50 በመቶ በማያመጣበት አገር ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጎበዝና ጠንካራ ልጅ ያለው ወላጅ ይህንን አይቶ ሊያስመዘግብ ይችላል። ልጁ ድጋፍ የሚያስፈልገው ወላጅ ግን «የሚደክሙትን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ድብቅ ግምት ማግኘትን ስህተት እንደማግኘት መቁጠር።* ይህ በጣም የተለመደው ነው። ድብቅ ግምት የሌለው ሙግት የለም ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹም ግምቶች እውነት ናቸው። «ደመና አለ፣ ጃንጥላ ያዝ» የሚል ሰው ደመና ዝናብ ሊያመጣ እንደሚችል ይገምታል። ምንም ችግር የለውም። ግምቱን ማውጣት አንድ ሥራ ነው፣ እውነት መሆኑን ማጣራት ሌላ ሥራ ነው።

*ሁሉንም ነገር መዘርዘር።* «ትምህርት ቤቱ መኖሩን ይገምታል፤ ልጄ በሕይወት እንደሚቆይ ይገምታል» ማለት ውሸት አይደለም፤ ግን የትኛውንም ውሳኔ አይቀይርም። ከሦስት እስከ አምስት ግምት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ደረጃ 5ን በሚገባ አልሠራችሁትም።

*የተናጋሪውን ሐሳብና የልቡን ፍላጎት መቀላቀል።* «ገንዘብ ስለሚፈልጉ ነው» የሚለው ሰውየው ለምን እንደተናገረ ያስረዳል። ሙግቱ ምን ላይ እንደቆመ ግን አይናገርም። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ሙግት ሊያቀርብ ይችላል።

*ሰው ፊት ማጋለጥ።* አባት ወይም አዛውንት ሲናገሩ «ይሄኮ ግምት ነው» ብሎ መቁረጥ ነውር ነው፤ በዚያ ላይ መልስ አያስገኝም። ግምቱን በጥያቄ አቅርቡላቸው፦ «አባባ፣ እንዲህ ሲሉ ልጁ እዚያው እንደሚዘልቅ አስበው ነው?» እሳቸው አዎ ካሉ ግምቱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። «የለም፣ እኔ ያልኩት ሌላ ነው» ካሉ ደግሞ እናንተ የጻፋችሁት ግምት የሳቸው አልነበረም፤ ከወረቀታችሁ ላይ ሰርዙትና ያሉትን በመጀመሪያው ቀለም ጨምሩ።